ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ ከቨር ሌተር

«ጋሼ እንደምን ነዎት? ሐምሌ 2016 ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመረቅኩ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፣ ሥራ ግን እስካሁን የለኝም። አሁን እዚሁ ከተማ አንድ ኤንጂኦ ጁኒየር አካውንታንት በዜሮ ዓመት አውጥቷል፤ ከሲቪው ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከቨር ሌተር ይፈልጋል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሳነብ ይገባኛል፣ ልጻፍ ስል ይጠፋብኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ልጅ በጣም ያማረ ከቨር ሌተር በ100 ብር ሸጠልኝ፤ ስምሽን ብቻ ቀይሪ አለኝ። እኔ የሚጻፍ ልምድ የለኝም። ኢንተርንሺፕ ሁለት ወር አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ወጥቼ ደረሰኝ ሳገጣጥም ነው የከረምኩት። ሌላው አክስቴ ጣና ዳር አሳ ትሸጣለች፣ ማታ ማታ ሒሳቧን እይዝላታለሁ፤ ይሄ መቼም ሥራ አይባልም። የገዛሁትን ልላከው? ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል።»
ከቀበሌ 14

የኔ እህት፣ አትላኪው። መቶ ብሩ ሄዷል፣ ይሂድ።

ለዓመታት ቢሮ ውስጥ ማመልከቻ ከሚለዩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ለአንድ የዜሮ ዓመት ማስታወቂያ የሚመጣው ወረቀት ጠረጴዛ ይሞላል። ከዚያ ውስጥ ብዙው አንድ ደብዳቤ ነው። ስሙና ስልኩ ይለያያል፣ ደብዳቤው ግን ከላይ እስከ ታች ያው ነው። «ዳይናሚክ»፣ «ሃይሊ ሞቲቬትድ»፣ «ሪዘልት ኦሪየንትድ»፣ «ኤክሰለንት ኮሙኒኬሽን ስኪል»። ሦስተኛው ላይ ስትደርሺ ዓይንሽ ራሱ እየዘለለው ያልፋል። አንዳንዱ ላይ ፊተኛው ገዢ ያመለከተበት መሥሪያ ቤት ስም ሳይጠፋ ቀርቶ ይመጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ስሙ የገባበት መስመር ፊደሉ ከሌላው ወፍሮ ይታያል፤ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ መጠየቅም አያስፈልግም።

ከዚህ የባሰው የሚመጣው ደብዳቤው ተሳክቶ ከተጠራሽ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ወረቀትሽ ፊታቸው ይቀመጣል። ከጠያቂዎቹ አንዱ መስመር ይመርጥና «እዚህ ጋ ፋይናንሻል ፕሮሰስ ስትሪምላይን አድርጌያለሁ ብለሻል፣ እስቲ አንድ ምሳሌ ስጪን» ይልሻል። ትምህርቱን አበጥረው የሚያውቁ ልጆች እዚህ ጋ ሲደርሱ ድርቅ ሲሉ አይቻለሁ። ዴቢትና ክሬዲት ቢጠየቁ ይመልሱ ነበር። የተጠየቁት ግን ራሳቸው ያልጻፉትን ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፦ አንቺ በአፍሽ ልታስረጂው የማትችዪው መስመር ደብዳቤሽ ውስጥ አይግባ። እንግሊዝኛሽ ትንሽ ከሆነ ደብዳቤውም በዚያችው እንግሊዝኛ ልክ ይሁን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። አጭርና ቀጥ ያለ ደብዳቤ ለዜሮ ዓመት ቦታ አያሳፍርም፤ አንባቢው እንዲያውም ፋታ ያገኛል።

አሁን ወደዚያ «ልምድ የለኝም» ወዳልሽው ልምጣ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ተሳስተሻል። ደረሰኝ ሳገጣጥም ከረምኩ ያልሽው የኤንጂኦ ሒሳብ ክፍል የዕለት እንጀራ ነው። ኤንጂኦ የሚያወጣው የለጋሽ ገንዘብ ነው፣ በየዓመቱም የውጭ ኦዲተር ይመጣበታል። ኦዲተሩ የክፍያ ቫውቸር መዝዞ ከጀርባው ያለውን ደረሰኝ ያያል። ቀኑ ይስማማል? ብሩ ቫውቸሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? የሻጩ ቲን ቁጥር አለ? ያጸደቀው ሰው ፈርሟል? አንዱ ከጎደለ ለጋሹ ያንን ወጪ አልቀበልም ሊል ይችላል፣ ያን ጊዜ ድርጅቱ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ለዚህ ነው ማኅተም የሌለው ደረሰኝ ገና ከመያያዙ በፊት ዓይኗ የሚገባ ልጅ የሚፈልጉት። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ይህንን ስትሠሪ ነበር፣ ስሙን የነገረሽ ሰው ግን የለም።

የአክስትሽም እንደዚያው ነው። ማታ ብሩን ቆጥረሽ ከደብተሩ ጋር ታመሳክሪያለሽ አይደል? ደብተሩ 6,200 ብር ይላል እንበል፣ እጅ ላይ ያለው 5,900 ነው። ሦስት መቶዋ የት ገባች ብለሽ ትፈልጊያለሽ። ለካ ከሰዓት አንድ ሬስቶራንት የወሰደው ሽያጭ ተብሎ ተጽፏል፣ በዱቤ መሆኑ ግን ሳይጻፍ ቀርቷል። ይህ ቆጠራና ማመሳከር የትም ቢሮ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። በጾም ገበያው ሲደራ ዱቤው ሲበዛ ደግሞ ማን ስንት እንዳለበት የምትይዢው አንቺ ነሽ። ይጻፋል። ግን በልኩ ይጻፍ፦ «የአክስቴ አሳ መሸጫ» ነው የሚባለው። ራስሽን የፋይናንስ ኃላፊ አታድርጊ። የቤተሰብ ሱቅ መሆኑን አትደብቂ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ማስታወቂያውን አትመሽ በእስክሪብቶ ቁጭ በዪበት። ዱቲስ የሚለው ሥር ሥራዎቹ ተዘርዝረዋል። እንደ ብዙዎቹ ከሆነ ፔይመንት ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ደረሰኝ ማያያዝና ፋይል ማድረግ፣ ፔቲ ካሽ መያዝ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ማገዝ ይላል። ከዚያ ውስጥ በእጅሽ የሠራሽውን አስምሪበት። ሁለት ወይም ሦስት ካገኘሽ በቂ ነው። እንግሊዝኛ ለሚያጥረው ሰው ማስታወቂያው ትልቅ ስጦታ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስፈልግሽን ቃል ሁሉ እነሱው ጽፈውልሻል። ስፔሊንጉም ትክክል ነው። የሥራውን ስም ከማስታወቂያው ውሰጂ፣ የሠራሽውን ከራስሽ አምጪ። ይሄ መስረቅ አይባልም፤ የሚፈልጉትን በራሳቸው ቃል መመለስ ነው።

ምናልባት ባንክ ሪኮንሲሌሽን ክፍል ውስጥ ተምረሽው በእጅሽ ግን አልሠራሽውም ይሆናል። ያልሠራሽውን ሠራሁ አትበዪ። ግን አምስት ቀን አለሽ፣ አክስትሽም አለች። የአሳው ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ካላትና የግል ብሯ ካልተቀላቀለበት ፈቃዷን ጠይቀሽ ያለፈውን ወር ስቴትመንት አስወጪ። ከደብተሩ ጎን አስቀምጪውና አንድ በአንድ አስተያዪ።

ለምሳሌ በደብተሩ መሠረት ወር መጨረሻ ላይ ባንክ ውስጥ 18,400 ብር መኖር አለበት። ስቴትመንቱ ግን 16,385 ይላል። ልዩነቱ 2,015 ብር ነው። ስትፈልጊ አንድ ሬስቶራንት በወሩ መጨረሻ ምሽት የከፈለው 2,000 ብር ደብተር ላይ በዚያው ቀን ተጽፏል፣ ባንክ የገባው ግን በማግሥቱ ነው። ስለዚህ በባንኩ በኩል 2,000 ትደምሪያለሽ፣ 18,385 ይሆናል። የቀረችው 15 ብር ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ናት፤ አክስትሽ አላወቀችም፣ ደብተሩም ላይ የለችም። በደብተሩ በኩል 15 ትቀንሻለሽ፣ እሱም 18,385። ሁለቱም ገጠሙ። በደብተሩ በኩል ያለችው ብቻ ማስተካከያ ትመዘገባለች፤ የባንኩ ሁለት ሺህ በማግሥቱ በራሱ ይገባል።

ይህንን አንድ ወር ከሠራሽ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይም ወረቀት ላይ እየጻፍሽ ልታሳዪያቸው ትችያለሽ። የጽሑፍ ፈተና ካለም እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ አያስደነግጥሽም።

ወደ ጽሕፈቱ እንግባ። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው። ግን እኛ በምንጽፍበት አማርኛ አይሁን። እኛ አንዱን ነገር በሌላው ላይ እየቀጠልን «ዩኒየኑ ቢሮ ወጥቼ ደረሰኞችን ተቀብዬ ከቫውቸሩ ጋር አመሳክሬ የጎደለውን ለኃላፊዬ አሳውቄ ፋይል አደርግ ነበር» ብለን በአንድ ትንፋሽ እንጨርሳለን። በአማርኛ ያምራል፣ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ግን ይተበተባል፣ አንቺም «ልጻፍ ስል ይጠፋብኛል» ያልሽው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስለዚህ ቆራርጪው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ግስ። ደረሰኞችን አየሁ። ከቫውቸር ጋር አመሳከርኩ። የጎደለውን ለኃላፊዬ ነገርኩ። ፋይል አደረግኩ። እንዲህ ከሆነ እንግሊዝኛው የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፦ «አይ ቼክድ ሪሲትስ። አይ ማችድ ዜም ዊዝ ፔይመንት ቫውቸርስ። አይ ቶልድ ማይ ሱፐርቫይዘር ዌን ኤ ሪሲት ሃድ ኖ ስታምፕ።» በቃ። ማንም ያነበዋል፣ ማንም ምን እንደሠራሽ ያያል።

የሠራሽውና ያለቀው ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ይሁን። «ሃቭ ቢን» የሚባለው ውስጥ አትግቢ፣ ለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግሽም። አሁንም የምትሠሪው የአክስትሽ ሒሳብ ብቻ በአሁን ጊዜ ይጻፋል። ደግሞ «አይ አም ግራጁዬትድ» አትበዪ፤ ብዙ ተመራቂ የሚሳሳታት ናት። «አይ ግራጁዬትድ» ነው።

ሌላው ዓመተ ምሕረቱ ነው። አንቺ የተመረቅሽው ሐምሌ 2016 ነው። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ 2016 ብለሽ ከጻፍሽ ፈረንጁ ኃላፊ የሚያነበው ከብዙ ዓመት በፊት ተመርቃለች ብሎ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበረች? ዜሮ ዓመት ልምድስ እንዴት ሆነ? ጁላይ 2024 ብለሽ ጻፊ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ ድረስ ላለው ሰባት ትደምሪያለሽ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ሲቪሽም ላይ እንደዚያው ይሁን፣ አንዱ በኛ ሌላው በፈረንጅ ሆኖ ከተደበላለቀ ማንም አይፈታውም። ቴምፖሽና ስቱደንት ኮፒሽ ላይ ካለው ቀን ጋርም አስተያዪው።

አንድ ነገር ደግሞ እኛ ከማመልከቻ ልማዳችን የምናመጣው አለ። በአማርኛ ማመልከቻ «ችግሬን ተረድታችሁ»፣ «በትሕትና እለምናለሁ» እንላለን፣ ያስኬዳል። ከቨር ሌተር ላይ ግን አይሠራም። ሥራ አጥ ሆነሽ መቆየትሽን፣ ቤተሰብ መርጃ መሆንሽን አትጻፊ። ችግርሽ ቀላል ስለሆነ አይደለም። አንባቢው በዚያች ግማሽ ገጽ የሚፈልገው ሥራውን ትችዪ እንደሆነ ብቻ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤው ይህን ይመስላል። ከላይ ስምሽ፣ ስልክሽ፣ ኢሜይልሽ፣ ቀኑ። ሰላምታው «ዲር ሃየሪንግ ማናጀር»። የመጀመሪያው አንቀጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ለየትኛው ቦታ እንደምታመለክቺ በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ስም፣ ከዚያ ከየት በምን መቼ እንደተመረቅሽና የመውጫ ፈተናውን እንዳለፍሽ። ሁለተኛው የዩኒየኑ ነው፣ ያቺ ከላይ የቆራረጥናት። አራት አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። እዚህ ጋ አትቸኩዪ፣ ደብዳቤው ያለው እዚህ ነው። ሦስተኛው አክስትሽ፦ በየማታው ብር እንደምትቆጥሪ፣ ከሽያጭ ደብተሩ ጋር እንደምታመሳክሪ፣ የሬስቶራንቶቹን ዱቤ እንደምትይዢ፣ የአንድ ወር ባንክ ሪኮንሲሌሽን እንደሠራሽ። የመጨረሻው አንቀጽ እንግሊዝኛሽና መቼ ሥራ መጀመር እንደምትችዪ። ከዚያ «ሲንሲየርሊ» እና ሙሉ ስምሽ።

ስለ እንግሊዝኛሽ «ፍሉዌንት» ብለሽ አትጻፊ፣ ስልክ ደውለው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ያውቁታል። ዝም ብለሽም አትለፊው። ያለውን ተናገሪ፦ የሥራ ሰነዶችን በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ አጭር ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ ንግግሬን እያሻሻልኩ ነው። ቀጥለሽ ደግሞ ብዙ ተመራቂ የማያስባትን ጨምሪ። ከወረዳ የሚመጣው ደረሰኝ፣ የአበል ፊርማ ወረቀቱ፣ የጀልባና የባጃጅ ክፍያው ሁሉ በአማርኛ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ቫውቸሩ ላይ የክፍያው ምክንያት የሚጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተሞነጫጨረውን አንብቦ በአንድ መስመር እንግሊዝኛ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልጋቸዋል። «አይ ካን ሪድ ሃንድሪትን አምሃሪክ ሪሲትስ ኤንድ ሬኮርድ ዜም ኢን ኢንግሊሽ።» እርግጥ ይህን የምትጽፊው ከቻልሽ ነው። ዛሬ ማታ የአክስትሽን ደረሰኞች አውጥተሽ በአሥሩ ላይ ሞክሪው። የበረዶ ግዢ፣ የትራንስፖርት፣ የጫኝና አውራጅ፣ የዕቃ ጥገና። ከወጣልሽ ጻፊው።

ስትጨርሺ እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው አሳዪው፣ ግን ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ንገሪው። የፊደልና የሰዋስው ስሕተት ብቻ ያርምልሽ። «ላሳምርልሽ» ካለ አመስግነሽ ወረቀትሽን ተቀበይ፣ ካሳመረው ተመልሶ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደብዳቤ ይሆናል። ከዚያ ብቻሽን ሆነሽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለአክስትሽ ተርጉሚላት። ምላስሽ የተሰናከለበትን ቃል በቀላሉ ለውጪው። አክስትሽ «ይሄንን መቼ ሠራሽ?» ያለችበትን መስመር ሰርዢው።

አላላኩ ማስታወቂያው እንዳለው ይሁን። በኢሜይል ካለ ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ወርድ ሆኖ ከሄደ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መስመሩ ሊበታተን ይችላል። ርዕሱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ካልነገሩሽ የቦታውን ስምና የራስሽን ስም ጻፊ። ፋይሉንም በስምሽ ሰይሚው፤ እንዲህ፦

```
YourName_Cover_Letter.pdf
```

«ዩርኔም» ባለው ቦታ ስምሽን አስገቢ። «ዶክ1» ወይም «ስካን003» ተብሎ የመጣ ፋይል አንዴ ካወረዱት በኋላ የማን እንደሆነ ለማወቅ እየከፈቱ ማየት አለባቸው። በአካል አስገቢ ካሉ ኮፒውን ይዘሽ ሂጂ፣ ኦርጅናሉን ለማመሳከር ካልሆነ በቀር አትስጪ፤ ብዙ ጊዜ ያስገባሽው አይመለስም። የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቂ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆማል። በአራተኛው ቀን ይሂድ።

ሲደውሉልሽ የላክሽው ደብዳቤ ኮፒ በእጅሽ ይኑር። ስልክሽም ላይ አስቀምጪው፣ ደውለው አንድ ሁለት ጥያቄ እዚያው ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ አንቺ ደግሞ በዚያን ሰዓት ጣና ዳር አሳ እየመዘንሽ ልትሆኚ ትችያለሽ።